ሦስት መሣሪያዎች፣ አንድ የተዘጋ በር፦ አሮጌ ብራውዘር ከዘመኑ ድረ ገጽ ጋር የማይግባባባቸው ምክንያቶች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



የዛሬውን ገለጻ በአንድ ገጠመኝ እጀምራለሁ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣች። ለአንድ የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከት ፈልጋ ለሦስት ቀናት ስትሞክር ቆይታለች። የማመልከቻው ጊዜ በማግስቱ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። «መምህር፣ ድረ ገጹ ተበላሽቷል፤ በሦስት መሣሪያ ሞክሬ በሦስቱም አልከፈተልኝም» አለችኝ። እኔም በጠረጴዛዬ ላይ ባለው ኮምፒዩተር አድራሻውን ጻፍሁት፤ ገጹ ወዲያውኑ ተከፈተ።

የተማሪዋ አስተሳሰብ ስሕተት አልነበረም። አንድ ነገር በሦስት የተለያዩ መሣሪያዎች ካልሠራ፣ ጉድለቱ ከመሣሪያዎቹ ይልቅ በነገሩ ላይ ነው ብሎ መደምደም ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ድረ ገጹ አልተበላሸም ነበር። ሦስቱ መሣሪያዎች የተከለከሉት በሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ነው፤ ለሦስቱም የሚሆነው መፍትሔ የተለያየ ነው። ዛሬ የማስረዳችሁ እነዚህን ሦስት ክልከላዎች አንድ በአንድ፣ ምልክቶቻቸውን ጨምሮ ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከላይ ካነሣሁት በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ገጹ ከመከፈቱ በፊት የሚሆነው

አድራሻው በ https የሚጀምር ድረ ገጽ ስንከፍት፣ የገጹ አንድ ፊደል እንኳ ከመምጣቱ በፊት በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል አጭር ሰላምታ ይካሄዳል። ቀድሞ የሚናገረው ብራውዘሩ ነው። በሰላምታው ውስጥ ሁለት ነገሮችን ያሳውቃል፦ የትኞቹን የፕሮቶኮል እትሞች እንደሚያውቅ፣ እንዲሁም የትኞቹን የምስጠራ ስልቶች፣ ማለትም ሳይፈሮች፣ መጠቀም እንደሚችል። ሰርቨሩ ከቀረበለት ዝርዝር ውስጥ እርሱም የሚቀበለውን እትምና ስልት ይመርጣል፤ ከዚያም ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት ያቀርባል። ብራውዘሩ ሰርተፍኬቱን መርምሮ ካመነበት፣ ሁለቱ ወገኖች የጋራ ቁልፍ ይፈጥራሉ፤ ገጹም ተመስጥሮ ይመጣል።

እንግዲህ ሰላምታው ሊቋረጥ የሚችለው በሦስት ቦታዎች ነው። የጋራ እትም ሲታጣ፣ የጋራ ሳይፈር ሲታጣ፣ ወይም ሰርተፍኬቱ ሳይታመን ሲቀር። የተማሪዋ ሦስት መሣሪያዎች በእነዚህ በሦስቱ ቦታዎች ላይ እየተሰናከሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገጹ ከመላኩ በፊት ስለሆነ፣ ሰርቨሩ «ስልክዎ አሮጌ ነው፤ እባክዎ በሌላ ይሞክሩ» የሚል ገጽ ሊያሳይ አይችልም። ያን ገጽ ለመላክ እንኳ አስቀድሞ መግባባት ያስፈልጋል። ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ የሚያነበው መልእክት የብራውዘሩ ግምት እንጂ የሰርቨሩ ቃል አይደለም። ግምቱ ደግሞ፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል።

የመጀመሪያው መሣሪያ፦ እትሙ ያረጀ ስልክ

የተማሪዋ ስልክ በአንድሮይድ 4.3 የሚሠራ ነበር፤ የምትጠቀመውም ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣውን ብራውዘር ነው። ስልኩን በላፕቶፔ በኩል ከኢንተርኔት አገናኝቼ በመካከላቸው የሚተላለፈውን መረጃ ተመለከትሁ። ስልኩ ሰላምታውን ላከ፤ ሰርቨሩም በሰባት ባይት ብቻ መልሶ ግንኙነቱን ዘጋ። ሰባቱ ባይቶች እነዚህ ናቸው፦

```
15 03 01 00 02 02 46
```

ይህን ማንበብ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው `15` ይህ መልእክት ማስጠንቀቂያ መሆኑን ይናገራል። `03 01` የፕሮቶኮሉ እትም ነው፤ ትርጉሙም ቲኤልኤስ 1.0 ማለት ነው። `00 02` ቀጥሎ ሁለት ባይት እንደሚመጣ ይገልጻል። ከሁለቱ የመጀመሪያው፣ `02`፣ ስሕተቱ ግንኙነቱን የሚያቋርጥ መሆኑን ያመለክታል። የመጨረሻው `46` በአሥርዮሽ ቁጥር 70 ሲሆን፣ «የጠየቅኸኝን የፕሮቶኮል እትም አልቀበልም» ማለት ነው።

ለምን አይቀበለውም? ቲኤልኤስ 1.0 የወጣው በ1999 ነው። 1.1 በ2006፣ 1.2 በ2008፣ 1.3 ደግሞ በ2018 ተከትለውታል። በጥቅምት 2018 አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ሁለቱን የቀድሞ እትሞች በ2020 ከብራውዘሮቻቸው እንደሚያስወጡ በአንድነት አስታወቁ። በመጋቢት 2021 የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው አካል እነዚህ እትሞች ከእንግዲህ ጥቅም ላይ እንዳይውሉ የሚያዝ ሰነድ አወጣ። ዋና ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ፣ በቀድሞዎቹ እትሞች ውስጥ የሰላምታው ትክክለኛነት የሚረጋገጠው ዛሬ ደካማ መሆናቸው በታወቀ የማጠቃለያ ስሌቶች፣ በኤምዲ5 እና በሻ-1፣ ላይ ተመሥርቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ የሰርቨር አስተዳዳሪ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ይህን የመሰለ አንድ መስመር ይጽፋል፦

```
ssl_protocols TLSv1.2 TLSv1.3;
```

በዚህች መስመር ከ1.2 በታች የሚናገር መሣሪያ ሁሉ ከደጅ ይቀራል።

በተማሪዋ ስልክ ላይ ያለው አሳዛኝ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። አንድሮይድ ከ4.1 ጀምሮ ቲኤልኤስ 1.2ን በውስጡ ይዟል። ሆኖም ቀድሞ እንዲበራ አልተደረገም፤ በነባሪነት የበራው ከአንድሮይድ 5.0 ጋር ነው። ስልኩ ቋንቋውን ያውቃል፤ ተናገር ያለው ግን የለም። ተጠቃሚውም ከብራውዘሩ ቅንብሮች ውስጥ ሊያበራው አይችልም። የስልክ መተግበሪያ የሚጽፍ ባለሙያ ግን በራሱ መተግበሪያ ውስጥ በጥቂት መስመር ኮድ ሊያበራው ይችላል። ለአሮጌ ስልኮች መተግበሪያ የምትጽፉ ተማሪዎች ይህን አስታውሱ፤ ተጠቃሚዎቻችሁን የሚያቆያችሁ ወይም የሚያሳጣችሁ ይህ ጥቂት መስመር ሊሆን ይችላል።

«የቀድሞውን በር ለምን ክፍት አይተዉትም?»

ተማሪዋ ይህን ሳስረዳት ወዲያው የጠየቀችኝ ጥያቄ ይህ ነበር። «አዲሱን የሚያውቅ በአዲሱ ይግባ፤ እኔ የማውቀው አሮጌውን ስለሆነ በአሮጌው ልግባ። ማንን እጎዳለሁ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በ2014 ከሆነ አንድ ነገር ይገኛል።

በዚያን ጊዜ ብራውዘሮች አንድ ደግ የሚመስል ልማድ ነበራቸው። በአዲሱ እትም የተጀመረ ሰላምታ ሲቋረጥባቸው፣ ምናልባት ሰርቨሩ አሮጌ ይሆናል ብለው ዝቅ ባለ እትም እንደገና ይሞክሩ ነበር። ይህም ካልሆነ እንደገና ዝቅ ይላሉ፤ በመጨረሻም በ1996 ወደ ወጣው ኤስኤስኤል 3.0 ይደርሳሉ። በጥቅምት 2014 የጉግል ተመራማሪዎች የዚህን ልማድ አደጋ ገለጡ። በአንድ የሕዝብ ዋይፋይ ላይ በተጠቃሚውና በሰርቨሩ መካከል የተቀመጠ አጥቂ፣ የተመሰጠረውን መፍታት ባይችልም እንኳ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰላምታዎች ማቋረጥ ይችላል። ብራውዘሩም «አልተግባባንም» ብሎ ራሱ ወደ አሮጌው እትም ይወርዳል። አሮጌው እትም ላይ ከደረሰ በኋላ፣ በአማካይ በ256 ሙከራ አንድ ባይት ያህል ምስጢር ማውጣት ይቻል ነበር። ለኮምፒዩተር ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጥቃቱ «ፑድል» የሚል ስም ተሰጥቶታል።

እዚህ ላይ የተጠቁት አሮጌ ብራውዘር የያዙ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። አዲስ ብራውዘርና አዲስ ሰርቨር ያላቸው ሰዎች፣ ሁለቱም ወገኖች አሮጌውን በር ክፍት ስለተዉት ብቻ ተጠቁ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ማውረድ የሚያጋልጥ ምልክት በሰላምታው ውስጥ ተጨምሯል፤ ብራውዘሮችም ያንን ልማድ ትተዋል። አስተዳዳሪዎች የወሰዱት ትምህርት ግን ሰፋ ያለ ነው። ማንም የማይገባበት ክፍት በር ለሌባ ያገለግላል። ለተማሪዋ የመለስሁላትም ይህንኑ ነው፤ የአንቺ በር ለሌላው ሰው መስኮት ይሆንበታል አልኋት።

ሁለተኛው መሣሪያ፦ እትሙ ገጥሞ ሳይፈሩ ያልገጠመ ኮምፒዩተር

ሁለተኛው መሣሪያ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት የላቦራቶሪ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ብራውዘሩ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ነበር። በስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት እንዲህ የሚል ምክር ይሰጣል፦ `Turn on TLS 1.0, TLS 1.1, and TLS 1.2 in Advanced settings`። ተማሪዋ ምክሩን ተከትላ ወደ ቅንብሮቹ ገብታለች። ሦስቱም ቀድመው በርተው አገኘቻቸው። መልእክቱ አያይዞም ችግሩ ከቀጠለ ድረ ገጹ ደኅንነቱ የማይታመን ፕሮቶኮል ወይም ሳይፈር እየተጠቀመ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ድረ ገጹ ብራውዘሩ ከሚያውቀው የበረታ ምስጠራ እየጠየቀ ነበር።

እዚህም መረጃውን ተመለከትሁ። ኮምፒዩተሩ ቲኤልኤስ 1.2 እንደሚያውቅ በትክክል ተናግሯል። የሰርቨሩ መልስ አሁንም ሰባት ባይት ነው፤ የመጨረሻው ባይት ግን `46` ሳይሆን `28` ነበር። ይህም በአሥርዮሽ 40 ሲሆን፣ «ካቀረብኸው ዝርዝር ውስጥ የምቀበለው አንድም የለም» ወደሚል ትርጉም ይቀርባል።

ዝርዝሩን በጥሞና እንየው፤ የዚህ ጉዳይ ልብ ያለው እዚህ ነውና። ሰርቨሩ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቅ ነበር። አንደኛው፣ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አዲስ ጊዜያዊ ቁልፍ የሚፈጥር የልውውጥ ስልት ነው፤ ኢሲዲኤችኢ ይባላል። ጥቅሙ፣ የሰርቨሩ ዋና ቁልፍ ነገ ቢሰረቅ እንኳ ዛሬ የተላለፈው መረጃ እንዳይፈታ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው፣ መረጃውን መመስጠርንና አለመለወጡን ማረጋገጥን በአንድ ሥራ የሚያጣምር ስልት ነው፤ ጂሲኤም ይባላል። ከእርሱ በፊት የነበረው ሲቢሲ የተባለው ስልት ሁለቱን ለየብቻ ስለሚሠራ፣ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ለብዙ ጥቃቶች ተጋልጧል። ፑድልም የገባው በዚሁ ክፍተት ነበር።

የዊንዶውስ 7 ኮምፒዩተር ሁለቱንም ያውቃል። ነገር ግን የሰርቨሩ ሰርተፍኬት አርኤስኤ የተባለው ዓይነት ከሆነ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማጣመር አይችልም። አዲሱን የቁልፍ ልውውጥ ከአሮጌው የምስጠራ ስልት ጋር ያቀርባል፤ ወይም አዲሱን የምስጠራ ስልት ከቀድሞ የቁልፍ ልውውጥ ጋር ያቀርባል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያቀርበው ሰርተፍኬቱ ኢሲዲኤስኤ የተባለው ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። የዚህ ድረ ገጽ ሰርተፍኬት ደግሞ አርኤስኤ ነበር። እያንዳንዱ ዕቃ በሁለቱም ቤት አለ፤ አንድ ላይ የተገጠመው ግን በአንዱ ቤት የለም።

ከዚህ ሁለት መፍትሔዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው በተጠቃሚው እጅ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ለምስጠራ የሚጠቀመው ከስርዓተ ክወናው ጋር የመጣውን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ስርዓተ ክወናው ካረጀ እርሱም ያረጃል። ፋየርፎክስ ግን የራሱን የምስጠራ ቤተ መጻሕፍት፣ የራሱንም የታመኑ አረጋጋጮች ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻ የሆነው የፋየርፎክስ ዘር፣ 115 የተባለው የተራዘመ ድጋፍ ያለው እትም፣ ቲኤልኤስ 1.3ን ያውቃል። ኮምፒዩተሩን ሳንለውጥ፣ ስርዓተ ክወናውንም ሳንነካ፣ ብራውዘሩን ብቻ በመለወጥ በሩ ይከፈታል።

ሁለተኛው መፍትሔ በሰርቨሩ አስተዳዳሪ እጅ ነው። ሰርቨር ሁለት ሰርተፍኬቶችን ጎን ለጎን ሊይዝ ይችላል፤ አንዱ አርኤስኤ፣ ሌላው ኢሲዲኤስኤ። ሁለተኛው ሰርተፍኬት ሲጨመር የላቦራቶሪው ኮምፒዩተር በቀድሞው ብራውዘሩም ይገባል። የሚጠየቀው የምስጠራ ጥንካሬ ግን በጥቂቱም አልተቀነሰም። ሰዎችን ከደጅ የሚያስቀረው ሁልጊዜ የደኅንነት ግዴታ እንዳልሆነ ይህ ያሳየናል። አንዳንዴ ያስቀራቸው ሳይታሰብበት የቀረ አንድ የማዋቀሪያ መስመር ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ፦ ዓመቱ የተሳሳተ ስልክ

ሦስተኛው የአጎቷ ልጅ ስልክ ነው። ይህ ስልክ ከሌሎቹ አዲስ ነበር፤ ክሮም ብራውዘሩም ዘመናዊ ነው። የወጣው ኮድ `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID` የሚል ነበር። ይህ ከቀደሙት ሁለቱ ጋር ዝምድና የለውም። እትሙም ሳይፈሩም ገጥመዋል፤ ያልታመነው ሰርተፍኬቱ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት የስልኩን ቀን ማየት በቂ ነበር። ባትሪው ሙሉ በሙሉ አልቆ ሰዓቱ ከጠፋ በኋላ፣ ባለቤቱ ቀኑን በእጁ ሲያስተካክል በእኛ አቆጣጠር 2016 ብሎ ሞልቶታል። ስልኩ ግን የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው። ሰርተፍኬቱ የተሰጠው በ2024 ሲሆን የሚያገለግለውም ለ90 ቀናት ነው። በስልኩ ዓይን ሰርተፍኬቱ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚወለድ ሰነድ ነው፤ ስለዚህ አላመነውም። ቀኑ ሲስተካከል ገጹ ተከፈተ።

በሰርተፍኬት ምክንያት የሚመጣ ሌላ ክልከላም አለ፤ ከዕድሜ ጋር ይበልጥ የተያያዘው እርሱ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያምናቸውን ዋና አረጋጋጮች ዝርዝር ይዞ ከፋብሪካ ይወጣል። ስርዓተ ክወናው መታደስ ሲያቆም ዝርዝሩም እዚያው ይቆማል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው በነፃ ሰርተፍኬት የሚሰጥ ድርጅት የራሱ ዋና ሰርተፍኬት በአንድሮይድ ዝርዝር ውስጥ የገባው ከ7.1.1 ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ስልኮች ድርጅቱን ያምኑት የነበረው በሌላ ቀደምት አረጋጋጭ ዋስትና ነበር። ይህ ዋስትና በመስከረም 2024 መጨረሻ አበቃ። በእነዚህ ስልኮች ላይ የሚታየው ኮድ `NET::ERR_CERT_AUTHORITY_INVALID` ነው። ቀኑን ማስተካከል አይጠቅመውም፤ የራሱን ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ብራውዘር መጫን ግን ይጠቅመዋል።

አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል ልጨምር። በሰርተፍኬት ምክንያት የሚመጣው ክልከላ ብዙ ጊዜ «ቢሆንም ቀጥል» የሚል አማራጭ ይዞ ይመጣል፤ የእትምና የሳይፈር ክልከላ ግን አማራጭ የለውም። ተጠቃሚዎች ይህን አይተው የመጀመሪያው የቀለለ ስሕተት ነው ብለው ያስባሉ። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ያለ ጋራ ሳይፈር መቀጠል በተፈጥሮው አይቻልም፤ ስለዚህ አማራጩ የለም። ያለታመነ ሰርተፍኬት ግን መቀጠል ይቻላል፤ ከማን ጋር እንደምንነጋገር ግን አናውቅም። የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት ገጽ ላይ ያንን አማራጭ መጫን በጨለማ ለማይታወቅ ሰው ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

እንዴት እንለያቸዋለን?

ሦስቱን ለመለየት ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። መጀመሪያ የመሣሪያውን ቀንና ዓመት እዩ። ቀጥሎም ያንኑ ድረ ገጽ በሌላ አዲስ መሣሪያ፣ በተቸገረው መሣሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ድረ ገጽ ክፈቱ። በአዲሱ ከተከፈተ፣ በአሮጌው ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች ከተከለከሉ፣ ጉዳዩ የመሣሪያው ዕድሜ ነው። በአሮጌው ላይ ሌሎች ብዙ ገጾች እየተከፈቱ አንዱ ብቻ ከተከለከለ፣ ያ ድረ ገጽ ከሌሎቹ የጠበቀ ጥያቄ አለው ማለት ነው፤ የላቦራቶሪው ኮምፒዩተር እንዲህ ነበር። በተቃራኒው፣ አዲሱ መሣሪያ ተከልክሎ አሮጌው የሚገባ ከሆነ፣ ያረጀው ሰርቨሩ ነው። የቆዩ የኔትወርክ ዕቃዎች መቆጣጠሪያ ገጾች ላይ ይህ ይደርሳል፤ በክሮም የሚታየውም ያው `ERR_SSL_VERSION_OR_CIPHER_MISMATCH` የሚል ኮድ ነው። ኮዱ አለመግባባታቸውን ይናገራል፤ ያረጀው ማን እንደሆነ አይናገርም።

ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ቀጥተኛ መንገድ አለ። ሰርቨሩ የትኛውን እትም እንደሚቀበል በዚህ ትእዛዝ ይጠየቃል፦

```
openssl s_client -connect example.com:443 -tls1_2
openssl s_client -connect example.com:443 -tls1 -cipher DEFAULT@SECLEVEL=0
```

በሁለተኛው መስመር መጨረሻ የተጨመረውን አትዘንጉት። አዳዲሶቹ የዚህ መሣሪያ እትሞች ራሳቸው ቲኤልኤስ 1.0ን ስለሚከለክሉ፣ ጭማሪው ከሌለ የከለከለው የራሳችሁ ኮምፒዩተር ሆኖ ሳለ በሰርቨሩ ልታሳብቡ ትችላላችሁ። ልዩነቱ ከመልሱ ይታወቃል፤ `no protocols available` ካለ የከለከለው የእናንተው ወገን ነው፤ `alert number 70` ካለ ግን ክልከላው የመጣው ከሰርቨሩ ነው።

የመፍትሔው ወሰን

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። በአንድሮይድ 4.3 ስልኳ ላይ ፋየርፎክስ 68ን ጫንን፤ ለእነዚያ አሮጌ ስልኮች የወጣ የመጨረሻው ዘር እርሱ ነው። የማመልከቻው ገጽ ተከፈተ። እርሷም ደስ አላት፤ ቅጹን ሞላች፤ ሰነድ ማያያዣውን ቁልፍ ስትጫን ግን ምንም አልሆነም። ይህ ሌላ በሽታ ነው። የገጹ ጃቫስክሪፕት ያ ብራውዘር ከወጣ በኋላ በመጣ አጻጻፍ የተጻፈ ነበርና አላነበበውም። የመግቢያው ሰላምታ መቃናቱ ከገባን በኋላ ያለውን ንግግር ሁሉ እንደምንረዳ አያረጋግጥም። በመጨረሻ ማመልከቻውን የላከችው ከላቦራቶሪው ኮምፒዩተር በፋየርፎክስ 115 ነው፤ የቀረው ጊዜ ከአምስት ሰዓት ያነሰ ነበር።

ሌላው ወሰን ከዚህ ይከብዳል። ፋየርፎክስ 68 ለአንድሮይድ ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው በ2020 ነው። ምስጠራው ዛሬም ጠንካራ ነው፤ በብራውዘሩ ውስጥ ከዚያ ወዲህ የተገኙ ቀዳዳዎች ግን አልተደፈኑም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ስልክ ማስታወቂያ ለማንበብና የትምህርት ጽሑፍ ለማውረድ ተጠቀሙበት፤ ለባንክና ለኢሜይል ግን አትመኑበት። ክልከላውን ማለፍ መቻላችን የተከለከልንበትን ምክንያት አያስወግደውም።

ለድረ ገጹ አስተዳዳሪዎች ስለ ሁለተኛው ሰርተፍኬት ጻፍሁላቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨመሩት። ስለ ስልኩ ግን ምንም እንዲያደርጉ አልጠየቅኋቸውም፤ በእነርሱ ቦታ ብሆን እኔም በሩን ለቲኤልኤስ 1.0 አልከፍተውም ነበርና። የጠየቅኋቸው አንድ ተጨማሪ ነገር፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥሪውን በወረቀትና በአጭር የስልክ መልእክት ሲያወጡ፣ ድረ ገጹ የሚከፈትባቸውን ዝቅተኛ የብራውዘር እትሞች በአንድ መስመር እንዲጽፉ ነው። ሰርቨሩ በሰላምታው ውስጥ ሊናገር የማይችለውን ቃል፣ ሰው አስቀድሞ ሊናገረው ይችላል። ተማሪዋ ያን መስመር አግኝታ ቢሆን ኖሮ፣ ያልተበላሸ ድረ ገጽ እስኪጠገን ሦስት ቀን ባልጠበቀች ነበር።



ከተሳታፊዎች የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ በቢሯችን በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ አንድ ኮምፒዩተር አለ፤ በእርሱስ ላይ ብራውዘር በመለወጥ ብቻ ይሆናል?

መልስ፦ ገጾችን ከመክፈት አንጻር፣ በከፊል አዎን። የኤክስፒ የራሱ የምስጠራ ቤተ መጻሕፍት ከቲኤልኤስ 1.0 አያልፍም፤ ስለዚህ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ሁለቱም ችግሮች፣ የእትሙም የሳይፈሩም፣ ይገጥሟችኋል። ፋየርፎክስ 52 ኤክስፒ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ዘር ሲሆን ቲኤልኤስ 1.2ን ስለሚያውቅ ብዙ በሮችን ይከፍታል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በሚያዝያ 2014 ነው። እኔ የምመክረው ያን ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ለይታችሁ ለጽሑፍና ለኅትመት ሥራ ብቻ እንድትጠቀሙበት፣ ወይም ዕቃው የሚችል ከሆነ ቀላል የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እንድትጭኑበት ነው። ዛሬ እንዳየነው፣ የሚያረጀው አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ሳይሆን በላዩ ያለው ሶፍትዌር ነው።